በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ ስንት ሜትር? ሰዓቱስ ለምን ይካፈላል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ) · እሑድ ማታ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል። የፊዚክስ የቤት ሥራ ተሰጥቶት አብረን ቁጭ አልን። ጥያቄው አጭር ነው። አንድ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሰከንድ ስንት ሜትር ይሆናል?

እኔ ድሮ የተማርኩት «ከትልቅ መለኪያ ወደ ትንሽ ስትሄጂ አባዢ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትሄጂ አካፍዪ» የሚል ነው። ኪሎ ሜትር ከሜትር ይበልጣል፣ ስለዚህ በ1000 አባዛን። ሰዓትም ከሰከንድ ይበልጣል፣ ስለዚህ በ3600 አባዛን። የወጣልን 259,200,000 ነው። በሰከንድ! ወንድሜ ራሱ «ይሄማ ሮኬትም አይሆንም» አለ።

ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው መልስ 20 ነው። ቁጥሩን ወዲያ ወዲህ ስናደርገው፣ 20 የሚመጣው በ3600 ስናካፍል እንደሆነ ገባን። ግን ለምን? ሰዓትስ ከሰከንድ ትልቅ አይደለም እንዴ? ያው ደንብ ለኪሎ ሜትሩ ሠርቶ ለሰዓቱ እንቢ ያለው በምን ምክንያት ነው? መልሱማ አለኝ፤ የቸገረኝ ምክንያቱ ነው። ልጁን «ዝም ብለህ አካፍል» ብዬ ልሸኘው አልፈልግም።

---

ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማታ 1:52

በ3.6 ማካፈል ነው። 72 ለ3.6 ሲካፈል 20። አለቀ።

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ ስንት ጥያቄ በዚች ቁጥር ሠርቻለሁ። ወንድምሽ 3.6ን በቃሉ ይያዝ፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው።

---

የጦሳ ልጅ · ማታ 1:58

እግዜር ይስጥልኝ። ግን 3.6 ከየት መጣች? ደግሞ ነገ ጥያቄው ተገልብጦ ከሜትር በሰከንድ ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢመጣ ያካፍል ወይስ ያባዛ? በቃሉ ከያዘ ይህንንም በቃሉ ሊይዝ ነው።

---

ሐረጎ ሹፌር · ማታ 2:05

እህቴ፣ 72 የት መንገድ ላይ ነው? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሆነ ሐረጎ ላይ በ72 አይወረድም። መንገዱ ጠምዛዛ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል። ከባድ መኪና ይዞ በዚያ ፍጥነት የሚሞክር ፍሬኑን ያቃጥላል። በማርሽ ነው የሚወረደው። ለወንድምሽ ይህን ንገሪው።

---

የጦሳ ልጅ · ማታ 2:09

ጋሼ፣ አላህ ይጠብቅዎ፤ ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ ነው፤ መኪናው የት እንደሚሄድ አልተጻፈም። ምክርዎን ግን እነግረዋለሁ።

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 2:31

እህቴ፣ የጠየቅሽው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ብዙ ተማሪዎቼ እዚያው ላይ ይሰናከላሉ። በደንብ እንየው።

አንቺ የተማርሽው ደንብ ስህተት የለበትም። የሚሠራው ግን ለብቻው ለቆመ መለኪያ ነው። 3 ሰዓት ስንት ሰከንድ ነው ካልን በ3600 እናባዛለን፤ 10,800 ይመጣል፤ ትክክል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ስንል ግን ሰዓቱ የቆመው ከታች ነው። የሚለካው ነገር ርቀቱ ነው፤ ሰዓቱ አካፋይ ነው።

እስኪ ለልጁ እንዲህ በይው። መኪናው በአንድ ሰዓት 72,000 ሜትር ይሄዳል። አሁን የሰዓቱን ሙሉ መንገድ ተወው፤ የአንዷን ሰከንድ ድርሻ ብቻ ነው የምንፈልገው። በሰዓቱ ውስጥ 3600 ሰከንዶች አሉ። ስለዚህ 72,000 ሜትሩ ለ3600 ሰከንዶች እኩል ይከፋፈላል። ለአንዷ 20 ሜትር ይደርሳታል። ጊዜው ሲያንስ የሚኬደውም ርቀት ያንሳል። ያባዛን ከሆነ «በሰከንድ የሚኬደው በሰዓት ከሚኬደው ይበልጣል» ብለናል ማለት ነው።

ይህ ምክንያቱ ነው። አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ማባዛትና ማካፈልን አስቀድሞ መወሰን አላስተምርም። ቁጥሩን ከነመለኪያው አስጽፋለሁ፤ ከዚያ ዋጋቸው 1 የሆኑ ክፍልፋዮችን በሰንሰለት አስቀጥላለሁ። 1000 ሜትር እና 1 ኪሎ ሜትር አንድ ርቀት ናቸው። አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ብትጽፊው ዋጋው 1 ነው። በ1 ማባዛት ደግሞ ፍጥነቱን አይነካውም፤ የሚጻፍበትን መለኪያ ብቻ ይለውጣል።

(72 ኪሎ ሜትር / 1 ሰዓት) × (1000 ሜትር / 1 ኪሎ ሜትር) × (1 ሰዓት / 3600 ሰከንድ)

አሁን እርሳስ ይዞ ይሰርዝ። ኪሎ ሜትር አንዴ ከላይ አንዴ ከታች አለ፤ ይሰረዛል። ሰዓት አንዴ ከታች አንዴ ከላይ አለ፤ ይሰረዛል። የቀረው ከላይ ሜትር፣ ከታች ሰከንድ ነው። የተፈለገውም እሱ ነው። ቁጥሩ 72 × 1000 ÷ 3600 = 20።

አየሽ፣ የሰዓቱ ክፍልፋይ ለምን ተገለበጠ? ሰዓት በመጀመሪያው ላይ ከታች ስለሆነ እንዲሰረዝ ከላይ መምጣት አለበት። ሌላ ምክንያት የለውም። አቅጣጫውን የሚወስነው መሰረዝ የምንፈልገው መለኪያ የቆመበት ቦታ ነው።

የእናንተን ሥራ በዚሁ መንገድ ብንጽፈው ስህተቱ ራሱ ይናገራል።

(72 ኪሎ ሜትር / 1 ሰዓት) × (1000 ሜትር / 1 ኪሎ ሜትር) × (3600 ሰከንድ / 1 ሰዓት)

ኪሎ ሜትሩ ተሰረዘ። ሰዓቱ ግን ከታች ሁለት ጊዜ ተደራረበ፤ ሰከንዱም ከላይ ቀረ። የወጣው ሜትር በሰከንድ ተባዝቶ፣ ለሰዓት ሁለት ጊዜ የተካፈለ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥነት የለም። ቁጥሩን ሳናሰላ መለኪያው ብቻ «ተሳስታችኋል» ይለናል።

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 2:38

አንድ ነገር ረሳሁ። ልጁ ሰዓትንና ሰከንድን በሙሉ ቃል ይጻፍ። በአማርኛ ሁለቱንም «ሰ» ብለው የሚያሳጥሩ ልጆች አሉ። ያኔ ሰከንዱን በሰዓት ይሰርዙታል። ወይ በሙሉ ቃል፣ ወይ እንደ እንግሊዝኛው መጽሐፍ km/h እና m/s።

ወንድምሽ ሮኬትም አይሆንም ያለውን ደግሞ ወድጄለታለሁ። ብርሃን በሰከንድ የሚሄደው 299,792,458 ሜትር ነው። የእናንተ መኪና ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግታለች።

---

የጦሳ ልጅ · ማታ 2:50

መምህር፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። «ከታች ስለቆመ ከላይ መምጣት አለበት» የሚለው ገባኝ። ወንድሜም ወዲያው 90 ኪሎ ሜትር በሰዓትን ሠርቶ 25 አምጥቷል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ግን «መልሱ ከጀርባ ባይኖር 20 ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ነው።

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 3:04

የሚያውቀውን ፍጥነት ከጎኑ ያቁም። ለምሳሌ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽሏል። ርቀቱ 42,195 ሜትር ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ወደ ሰከንድ። 2 ሰዓቱ 7200፣ 3 ደቂቃው 180፣ በተጨማሪም 59፤ ድምሩ 7439 ሰከንድ። 42,195 ሜትር ለ7439 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 5.67 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመመለስ ሰንሰለቱ ይገለበጣል።

(5.67 ሜትር / 1 ሰከንድ) × (3600 ሰከንድ / 1 ሰዓት) × (1 ኪሎ ሜትር / 1000 ሜትር)

20.4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። ስለዚህ ኃይሌ በሰከንድ ከ6 ሜትር በታች ከሮጠ፣ በሰዓት 72 የሚሄድ መኪና በሰከንድ 20 ሜትር መሄዱ ያስኬዳል። 2 ሜትር ቢወጣ ወይም 200 ሜትር ቢወጣ ኖሮ ልጁ መጠርጠር አለበት። 72ን በ3.6 ያባዛ ተማሪ 259 ያመጣል፤ ያ የመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት ነው።

---

ቦርከና · ማታ 3:10

መምህር፣ ያው ዞሮ ዞሮ 3600 ለ1000 አይደል? 3.6 እኮ ናት። እኔ ያልኩት ምን ስህተት አለው?

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 3:15

ስህተት የለውም ልጄ። 3.6 የሰንሰለቱ አጭር መልክ ናት። እኔ የምለው፣ ሰንሰለቱን ያልጻፈ ሰው 3.6 የት እንደምትሠራና የት እንደማትሠራ አያውቅም ነው።

---

ሐረጎ ሹፌር · ማታ 3:22

አሁን ገባኝ። መምህር፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በቀደም የወንድሜን ልጅ መኪና ነዳሁ። ከውጭ የመጣች ናት፤ ጌጁ በማይል ነው የሚያነበው። መርፌው 40 ላይ ነው፤ እኔ ግን የምሄድበት ፍጥነት 40 አልመሰለኝም። መንገዱን አውቀዋለሁ። ስንት ነበር የምሄደው?

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 3:30

ስሜትዎ ልክ ነው። 1 ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ጋ ሰዓቱ እንዳለ ስለሚቆይ አንድ ክፍልፋይ ይበቃል።

(40 ማይል / 1 ሰዓት) × (1.609 ኪሎ ሜትር / 1 ማይል)

ወደ 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዱ ነበር። በሰከንድ ከፈለጉ የቀደሙትን ሁለት ክፍልፋዮች ከኋላ ይቀጥሏቸው፤ 17.9 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሰንሰለት የሚባለው ለዚህ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ይረዝማል፣ አንዱ ሲሰረዝ ሌላው ይቀጥላል።

ለሹፌር ደግሞ በሰከንድ ማወቁ ትልቅ ነገር አለው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 15 ሜትር ነው። ስልክዎን ለማየት ለሁለት ሰከንድ ዓይንዎን ቢነቅሉ መኪናው 30 ሜትር ያለ እርስዎ ሄዷል። ሐረጎ ላይ 30 ሜትር ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ከእኔ እርስዎ ያውቁታል።

---

ሐረጎ ሹፌር · ማታ 3:36

ወላሂ እውነት ነው። በሰዓት ሲነገር ቀላል ይመስላል። 30 ሜትር ግን ኩርባው አልቋል።

---

ቆቦ ሜዳ · ሰኞ ጠዋት 1:15

እንደምን አደራችሁ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ሽንኩርት በመስኖ አለማለሁ። የእናንተን ጭውውት ሌሊት አነበብኩት። የእኔ ነገር መኪና አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት መሰለኝ።

የግብርና ባለሙያው «በአንድ ማጠጣት 40 ሚሊ ሜትር ውሃ ስጥ» ብሎኛል። ማሳዬ አንድ ጥማድ ነው። የውሃ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ብረት «30 m³/h» ይላል። እኔ ግን እንዲያ የሚያወጣ አልመሰለኝም። በርሜል አምጥቼ ቱቦውን ከፈትኩበት፤ የ200 ሊትሩ በርሜል በ40 ሰከንድ ሞላ። ሞተሩን ስንት ሰዓት ላስነሳው? ናፍጣ ውድ ነው፤ በከንቱ ማስጮህ አልችልም።

---

ቦርከና · ጠዋት 1:40

አብሽር ወንድሜ፣ ቀላል ነው። በ40 ሰከንድ 200 ሊትር ማለት በደቂቃ 300 ሊትር ነው። በ3.6 ስታባዛው 1080 ሜትር ኩብ በሰዓት ይመጣል። ሞተርህ ጎበዝ ነው።

---

ሰኞ ገበያ (ደሴ) · ጠዋት 2:05

ቦርከና፣ 1080 ሜትር ኩብ እኮ 5400 በርሜል ነው። በአንድ ሰዓት? ሰውየው አንዱን በርሜል በ40 ሰከንድ ነው የሞላሁት ያለው። በሰዓት 90 በርሜል ብቻ ነው የሚሞላው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ፊዚክስ አላውቅም፤ ግን ይሄ ሒሳብ አልገጠመም።

---

መምህር ከሐይቅ · ቀን 6:20

ከክፍል አሁን ወጣሁ። ሰኞ ገበያ፣ ያደረጉት ማረጋገጫ በጣም ጥሩ ነው። 90 በርሜል በ200 ሊትር 18,000 ሊትር ነው፤ ያ ደግሞ 18 ሜትር ኩብ። መልሱ እሱ ነው።

ቦርከና፣ የማታው ጉዳይ ይኸው መጣ። 3.6 የምትሠራው ከታች ሰከንድ ሲኖርና ላዩ በ1000 ሲቀየር ነው። አንተ ከታች ደቂቃ አስቀምጠህ በ3.6 አባዛህ። ሰንሰለቱን ብትጽፈው ወዲያው ታየው ነበር።

(300 ሊትር / 1 ደቂቃ) × (60 ደቂቃ / 1 ሰዓት) × (1 ሜትር ኩብ / 1000 ሊትር) = 18 ሜትር ኩብ በሰዓት

ቆቦ ሜዳ፣ አሁን ወደ አንተ። በቀጥታ ከበርሜሉ እንነሳ።

(200 ሊትር / 40 ሰከንድ) × (3600 ሰከንድ / 1 ሰዓት) × (1 ሜትር ኩብ / 1000 ሊትር) = 18 ሜትር ኩብ በሰዓት

ሞተሩ ላይ የተለጠፈው 30 አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ወደ ላይ ሳይገፋ፣ በአጭር ቱቦ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ መጠን ነው። ከጉድጓድ ተስቦ በረጅም ቱቦ ማሳህ ድረስ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ የብረቱን ትተህ የበርሜሉን ማመንህ ልክ ነው።

ቀጥሎ ማሳው ስንት ውሃ ይፈልጋል? አንድ ጥማድን ሩብ ሄክታር ብለን እንያዘው፤ 2500 ካሬ ሜትር። 40 ሚሊ ሜትር ማለት ውሃው ማሳው ላይ እኩል ቢተኛ ከፍታው 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ካሬ ሜትርን በሚሊ ሜትር ማባዛት በቀጥታ ሜትር ኩብ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ከፍታው ወደ ሜትር ይግባ።

2500 ካሬ ሜትር × 40 ሚሊ ሜትር × (1 ሜትር / 1000 ሚሊ ሜትር) = 100 ሜትር ኩብ

አሁን የመጨረሻው። ያለን ሜትር ኩብ ነው፣ የምንፈልገው ሰዓት ነው። ስለዚህ የሞተሩ ፍጥነት ራሱ ተገልብጦ ይገባል፤ ሜትር ኩብ ከታች ሰዓት ከላይ።

100 ሜትር ኩብ × (1 ሰዓት / 18 ሜትር ኩብ) = 5.56 ሰዓት ገደማ

በብረቱ 30 ተማምነህ ቢሆን ኖሮ 3.3 ሰዓት ብለህ ታጠፋው ነበር። ማሳው ከሚፈልገው ውሃ 60 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር የሚያገኘው።

---

ቆቦ ሜዳ · ቀን 7:02

መምህር፣ አላህ ይስጥልን። ስለዚህ 5 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው?

---

የጦሳ ልጅ · ቀን 7:10

ቆየኝ ወንድሜ፣ እሱ አይመስለኝም። 0.56 የሰዓት ክፍልፋይ እንጂ ደቂቃ አይደለም። ይቺንም በሰንሰለት እናስኪዳት፦

0.56 ሰዓት × (60 ደቂቃ / 1 ሰዓት) = 33.6 ደቂቃ

5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ። መምህር፣ ልክ ነኝ?

---

መምህር ከሐይቅ · ቀን 7:25

ልክ ነሽ። ለአንድ ጊዜ ማጠጣት የ23 ደቂቃ ናፍጣ አዳንሽለት።

---

ሰኞ ገበያ · ቀን 8:00

አንድ ነገር ልበል። ጥማድ ሁሉ ቦታ ሩብ ሄክታር ነው እንዴ? አባቴ ገበሬ ነበሩ። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው ይሉ ነበር። በሬ ከበሬ፣ መሬት ከመሬት ይለያል። መረሬ መሬትና አሸዋማው እኩል አይታረስም።

---

መምህር ከሐይቅ · ቀን 8:15

እውነትዎን ነው። ሰንሰለቱ የሚሠራው ክፍልፋዩ በእርግጥ 1 ሲሆን ነው። 1000 ሜትር ለ1 ኪሎ ሜትር በስምምነት የተወሰነ ነው፤ አይወዛገብም። 1 ጥማድ ለ2500 ካሬ ሜትር ግን ግምት ነው። ማሳው በተግባር 2800 ካሬ ሜትር ከሆነ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ቆቦ ሜዳ በሜትር ቢለካው ጥሩ ነው።

---

ተማሪ ወልዲያ · ማታ 12:40

እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ። በዚህ ሰንሰለት ሁሉም ነገር ይሠራል? ሙቀትስ? 30 ዲግሪ ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት ለመቀየር የትኛውን ክፍልፋይ ልጠቀም?

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 1:05

እዚያ ጋ ያቆማል ልጄ። ሰንሰለቱ የሚሠራው ሁለቱ መለኪያዎች ከአንድ ዜሮ ሲነሱ ነው። 0 ኪሎ ሜትር 0 ሜትር ነው። 0 ሴልሺየስ ግን 32 ፋራናይት ነው። ስለዚህ በ1.8 ካባዛህ በኋላ 32 መደመር አለብህ፤ 30 ሴልሺየስ 86 ፋራናይት ይሆናል። መደመር ደግሞ በክፍልፋይ አይመጣም።

የሙቀት ልዩነት ከሆነ ግን ይሠራል። ከጠዋት እስከ ቀን ሙቀቱ በ10 ሴልሺየስ ከጨመረ በ18 ፋራናይት ጨምሯል። እዚያ 32 አይገባም።

---

ቦርከና · ማታ 1:30

የውሃው ላይ ቸኩያለሁ፤ ተቀብያለሁ። ግን ስለ ፈተና ያልኩትን አልለቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ለአንድ ጥያቄ ያለህ ጊዜ ጥቂት ነው። ሦስት ክፍልፋይ ጽፎ የሚሰርዝ ልጅ ሳይጨርስ ይደወላል። 3.6ን በቃሉ የያዘ ቀድሞ ይሄዳል። ተማሪ ወልዲያ፣ አንተም ብትይዛት ይሻልሃል።

---

የጦሳ ልጅ · ማታ 1:41

እኔ ከመምህር ጋር ነኝ። ትናንት 3.6ን ብቻ ብነግረው ኖሮ ወንድሜ ዛሬ የቆቦውን ጥያቄ መሥራት አይችልም ነበር። አሁን ግን ብቻውን ሠርቶ 18 አምጥቷል።

---

ተማሪ ወልዲያ · ማታ 1:55

እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው። ፍጥነት ከሆነ በ3.6፣ ሌላ ከሆነ ሰንሰለቱን። ግን ፈተና ላይ ማካፈሉና ማባዛቱ ይጠፋብኛል። ያኔ ከሰዓት ወደ ሰከንድ ስሄድ ቁጥሩ ማነስ አለበት ብዬ አስታውሳለሁ።

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 2:20

ቦርከና፣ የፈተናው ጊዜ ማጠሩ እውነት ነው፤ አልክድም። እኔ ግን መጀመሪያ ሰንሰለቱን አስጽፌ አስጽፌ፣ 3.6ን ልጆቹ ራሳቸው ሲያገኟት ነው የምተዋቸው። ሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ አንተ እንዳልከው የሚያስተምሩ አሉ፤ ተከራክረን አልጨረስንም።

---

ቆቦ ሜዳ · ማክሰኞ ማታ 2:10

ዛሬ ማሳውን በሜትር ለካሁት። ርዝመቱ 62፣ ስፋቱ 41 ሜትር ነው። 2542 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ሩብ ሄክታር ማለቱ ብዙም አላሳተንም።

በርሜሉን ግን ደግሜ ለካሁት። ትናንት ቱቦው አጠገብ ነበር የለካሁት፤ ዛሬ ማሳው ጫፍ ላይ ወስጄ ስለካ 46 ሰከንድ ፈጀ። ልጄ በስልኩ ነው የያዘልኝ። እናንተ ባሳያችሁኝ መንገድ ሠራሁት።

(200 ሊትር / 46 ሰከንድ) × (3600 ሰከንድ / 1 ሰዓት) × (1 ሜትር ኩብ / 1000 ሊትር) = 15.65 ሜትር ኩብ በሰዓት

ማሳው 101.7 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ለ15.65 ሳካፍለው 6.5 ሰዓት መጣ። 6 ሰዓት ከ30 ደቂቃ። ዛሬ ደቂቃውን አልተሳሳትኩም።

---

ሰኞ ገበያ · ማታ 2:35

ጎበዝ! ግን በርሜሉን እስከ አፉ ነው የሞላኸው? እኔ በርሜል እሸጣለሁ። 200 ሊትር የሚባለው እስከ አፉ ሲሞላ ከ200 ያልፋል። በ20 ሊትር ጀሪካን እየለካህ 200 ላይ ምልክት አድርግበት።

---

መምህር ከሐይቅ · ማታ 2:50

ልክ ብለዋል። በርሜሉ ከ200 ካለፈ ውሃው ከተሰላው ትንሽ ይበልጣል፤ ሰዓቱም ትንሽ ያጥራል። ሌላው ደግሞ፣ ውሃው በቦይ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚሰርገው አለ። ያንን መለኪያ መቀየር አይነግረንም። ባለሙያው 40 ሚሊ ሜትር ሲል ሥሩ ጋ የሚደርሰውን ነው ወይስ ከቱቦው የሚወጣውን? እሱን ጠይቀው።

---

ቆቦ ሜዳ · ማታ 3:05

ሐሙስ ይመጣል፤ እጠይቀዋለሁ። ምልክቱን ነገ ጠዋት አደርጋለሁ።